ከፎቶው ጀርባ ያለው ስክሪን፦ ተለማማጅ ተማሪና የመሥሪያ ቤት ምስጢር

የተግባር ልምምድ የመጨረሻ ቀን ፎቶ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ተማሪው የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ አንገቱ ላይ አጥልቆ ሁለት ወር ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ይቆማል፤ ማታ ላይ ፎቶው ከረዥም ምስጋና ጋር ቴሌግራም ወይም ሊንክድኢን ላይ ይወጣል። ወዳጅ ዘመድ የሚያየው ፊቱን ነው። ከጀርባው ያለውን ግን የሚያይ ሌላ ሰው አለ፦ ሳይዘጋ የቀረውን ስክሪን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት፣ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን የደንበኛ ፋይል።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ተማሪ ሳለሁ በአንድ የገንዘብ ተቋም ቅርንጫፍ ውስጥ ለልምምድ ተመድቤ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ የተነሣሁትን ፎቶ ለክፍላችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁ። በማግስቱ ጠዋት የቅርብ አለቃዬ ጠሩኝ። አልተቆጡም። ስልካቸውን አውጥተው ያንኑ ፎቶ ከፈቱና በሁለት ጣታቸው ወደ ትከሻዬ ጀርባ እያጎሉት ሄዱ። ኮምፒውተሩ ላይ የአንዲት ደንበኛ ሙሉ ስም፣ የሂሳብ ቁጥርና የስልክ ቁጥር በግልጽ ይነበባል። እንዴት እጃቸው እንደገባ አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አፍሬ ቀረሁ።

ስምና ስልክ ብቻውን ምን ያደርጋል ይባል ይሆናል። አጭበርባሪ ግን የሚፈልገው ይህንኑ ነው። «ከባንኩ ነው የምንደውለው» ብሎ የጀመረ ሰው ስሟን አሟልቶ ጠርቶ፣ የሂሳብ ቁጥሯን የመጨረሻ አራት አኃዞች ሲነግራት፣ ደንበኛዋ ስልኳ ላይ የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር ላለመስጠት ምን ምክንያት ይኖራታል? ተለማማጁ የለጠፈው ፎቶ ሂሳቧን አይከፍትም፤ በሩን የሚያንኳኳውን ሰው ግን ታማኝ ያስመስለዋል።

እንዲህ ያለው ስሕተት የጀማሪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 ቲቪ5ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ጣቢያ በመረጃ ጠላፊዎች ተመትቶ ሥርጭቱ በተቋረጠ ማግሥት፣ አንድ የጣቢያው ጋዜጠኛ ስለ ጥቃቱ ለሌላ ቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ሰጠ። ከጀርባው የጣቢያው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች የይለፍ ቃሎች የተጻፉባቸው ትናንሽ ወረቀቶች ተለጥፈው ነበር። የዩቲዩቡ የይለፍ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «የዩቲዩብ የይለፍ ቃል» የሚል ነበር። በሃዋይ ግዛት ደግሞ በጃንዋሪ 2018 የሐሰት የሚሳኤል ማስጠንቀቂያ ከተላለፈ በኋላ፣ ሰዎች የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤቱን ያለፈው ዓመት የዜና ፎቶ ቆፍረው አወጡ፤ ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ ይታያል። ያ ፎቶ ወራት ሙሉ ማንም ሳያስተውለው ኖሯል። አሳሳቢው ነገርም ይኸው ነው፤ ፎቶ ዛሬ ጉዳት አላደረሰም ማለት ነገ አያደርስም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ፎቶ የሚነሣው ባዶ ግድግዳ ላይ ወይም ከመግቢያው ምልክት ሥር ቢሆን ይሻላል። የአንገት መታወቂያውም ቢገለበጥ ጥሩ ነው፤ ባር ኮድ ያለበት መታወቂያ በጥራት ፎቶ ከተነሣ አስመስሎ መሥራት ከባድ አይደለም። ሌላም አለ። ቴሌግራም ላይ ምስል እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፤ አብሮት ያለው የቦታና የሰዓት መረጃም ይወገዳል። «ጥራቱ እንዳይቀንስ» ተብሎ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ምስሉ እንዳለ ይሄዳል፤ ስልኩ ቦታ እንዲመዘግብ ተፈቅዶለት ከነበረ የተነሣበት ቦታ ሳይቀር አብሮ ይሄዳል። ለቢሮ ፎቶ ብዙም ላያሳስብ ይችላል። መጋዘን፣ የመረጃ ማዕከል ወይም አንድ ፕሮጀክት የሚሠራበት ገና ያልታወጀ ቦታ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል።

ተለማማጆች ምስጢር የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ በክፋት አይደለም፤ በኩራትና በወዳጅነት ነው። ለዚህ ከአፕል ኩባንያ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 ጊትሃብ በተባለው የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ ላይ የአይቡት ምንጭ ኮድ ተለጥፎ ተገኘ። አይቡት አይፎን ሲበራ ቀድሞ የሚነሣውና ቀጥሎ የሚጫነው ሥርዓት የአፕል መሆኑን የሚያረጋግጠው ክፍል ነው። አፕል በቅጂ መብት ጥያቄ ወዲያው አስወገደው፤ ኮዱ የቆየ መሆኑንና የምርቶቹ ደኅንነት በኮዱ መደበቅ ላይ የተመሠረተ አለመሆኑንም ገለጸ። ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ድረ ገጽ ሲያጣራ ግን ነገሩ የጀመረው በ2016 ሆኖ ተገኘ። በኩፐርቲኖ ከተማ በሚገኘው የአፕል ዋና መሥሪያ ቤት በዝቅተኛ እርከን ይሠራ የነበረ፣ ሌሎች የዜና አውታሮች ተለማማጅ ሲሉ የጠቀሱት ወጣት፣ ስለ ስልክ ደኅንነት የሚመራመሩ ጓደኞቹ ስለገፋፉት ኮዱን አውጥቶ ሰጣቸው። በአለቆቹ ላይ ቂም አልነበረውም። ኮዱን ያዩት በመጀመሪያ አምስት ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱ እንዳይወጣም አስበው ነበር።

ግን ወጣ። ከአምስቱ አንዱ ለሌላ ሰው ሰጠ፤ ያም ለሌላ። በ2017 በስፋት መዞር ጀመረ፤ በዓመቱ ደግሞ ዓለም ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ ተሰቀለ። ልብ የሚባለው ነገር ወጣቱ ለሕዝብ የለጠፈው ምንም አለመኖሩ ነው። ለሚያምናቸው ሰዎች ብቻ ነው የሰጠው። የእኛ ተማሪ «ለክፍል ልጆች ብቻ» እያለ ግሩፕ ውስጥ የሚጥለው የስክሪን ፎቶ፣ ከዶርም ጓደኛው ጋር የሚለዋወጠው የኤክሴል ፋይል ከዚህ በምን ይለያል? እኔም ራሴ ያልሁት «ለክፍል ልጆች ብቻ» ነበር።

ፎቶው ግን ትንሹ ነገር ነው። በእኛ አገር ሁኔታ ትልቁ ቀዳዳ ማንም የማይጠረጥረው ነው፤ የልምምዱ ሪፖርት። ተማሪው ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀውን ለማሟላት የተቋሙን ታሪክ፣ መዋቅሩን፣ የሠራውን ሥራ፣ ያየውን ችግርና የመፍትሔ ሐሳቡን ይጽፋል። ነጥብ የሚያሰጠው ችግሩ በማስረጃ ሲደገፍ ስለሆነ ማስረጃ ይሰበስባል። ሪፖርቱ ለአማካሪ መምህሩ ይገባል፤ በገምጋሚዎች ፊት ይቀርባል፤ ከዚያ «ለናሙና እንዲሆናችሁ» ተብሎ ለታናሽ ተማሪዎች ይተላለፋል፤ በመጨረሻም ሺዎች የሚከታተሉት የቴሌግራም ቻናል ላይ ያርፋል። ባለፈበት እጅ ሁሉ ማንም ምስጢር ያወጣሁ አይመስለውም።

አንድ ምሳሌ አንሥተን እንከተለው። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የሆነች አንዲት ተለማማጅ በአንድ ባንክ ብድር ክፍል ሁለት ወር ሠራች እንበል። የሪፖርቷ ርዕስ የብድር አመላለስ መዘግየት ነው። ጠንቃቃ ልጅ ስለሆነች የ12 ተበዳሪዎችን ስም አውጥታ «ደንበኛ 1»፣ «ደንበኛ 2» እያለች ሠንጠረዥ ሠራች። በሠንጠረዡ የሥራ ዘርፍ፣ ከተማ፣ የብድር መጠን፣ ብድሩ የተሰጠበት ቀንና የዘገየበት ወር አለ። ደንበኛ 7 «ቆዳ ፋብሪካ፣ ሞጆ» ይላል። ሞጆ ውስጥ ቆዳ ፋብሪካ ስንት ነው? ስሙ ባይጻፍም የከተማው ነጋዴ የብድሩን መጠንና ቀን ሲያይ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። የፋብሪካው ዕቃ አቅራቢ በዱቤ መስጠቱን ሊያቆም ይችላል፤ ተፎካካሪውም ይህን ወሬ በገንዘብ የማይገዛበት ምክንያት የለም። ስም መሰረዝ ማንነትን መሰረዝ አይደለም። የሚሻለው ከተማውን ማውጣት፣ ዘርፉን «ማምረቻ» በሚል ሰፊ ስም መጥራት፣ የብድር መጠኑን ከዚህ እስከዚህ እያሉ በክልል መመደብና ቀኑን በዓመት መተካት ነው። ለተማሪዋ መከራከሪያ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ገምጋሚው የሚጠይቃት ስለ መዘግየቱ መንስኤ እንጂ ስለ ሞጆ አይደለም።

ሠንጠረዡን አስተካከለች እንበል። አሁን የሚቀረው ዓይን የማያየው ነው። ከሥራ ፋይሏ ላይ የሠራችውን የኤክሴል ግራፍ ቀድታ ወርድ ላይ ለጠፈችው። ግራፉ የሚያሳየው አራት ዓምድ ብቻ ነው። ሲለጠፍ ግን ሙሉው የኤክሴል መዝገብ አብሮ እንዲገባ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ በእርሱ ከተለጠፈ ሪፖርቱን ያገኘ ሰው ግራፉን ተጭኖ መረጃውን ለማስተካከል ሲከፍተው የ12ቱ ተበዳሪዎች ስም፣ ከነሌሎቹ ገጾች፣ ፊቱ ይዘረገፋል። የተቆረጠ ምስልም እንዲሁ ነው። የስክሪን ፎቶውን ወርድ ውስጥ አስገብታ፣ የደንበኛው ስም ያለበትን ጎን በወርዱ መቁረጫ ብትቆርጠው የተቆረጠው ክፍል ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም። ማንም ሰው ምስሉን ወደ ነበረበት ሊመልሰው ይችላል።

ይህን ለማጣራት የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የወርድ ፋይል ማለት ከውስጡ ሌሎች ፋይሎች የታጨቁበት ዚፕ ነው። የሪፖርቱን ቅጂ ወስዶ መጨረሻው ላይ ያለውን `.docx` ወደ `.zip` ቀይሮ መክፈት ይበቃል። ከዚያ እነዚህን ሁለት ማህደሮች መመልከት ነው፦

```
word/media
word/embeddings
```

በመጀመሪያው ውስጥ ሪፖርቱ ላይ ያሉት ምስሎች በሙሉ አሉ፤ ተቆርጠዋል የተባሉት ሙሉ ሆነው ይገኙ እንደሆነ እዚያው ይታያል። በሁለተኛው ውስጥ የኤክሴል ፋይል ካለ ከግራፉ ጋር ተደብቆ የገባው መዝገብ እርሱ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ግራፉን እንደ ምስል መለጠፍ፣ የስክሪን ፎቶውንም ወርድ ውስጥ ከማስገባት በፊት በሌላ ፕሮግራም ቆርጦ እንደ አዲስ ምስል ማስቀመጥ። ወርድ ውስጥ አስቀድሞ ለተቆረጠ ደግሞ `Compress Pictures` የሚለውን ከፍቶ `Delete cropped areas of pictures` የሚለውን መምረጥ ይቻላል።

ስም ላይ ጥቁር ሳጥን መደረብም ያታልላል። ፒዲኤፍ ላይ በጽሑፍ ላይ የተደረበ ጥቁር ሳጥን ቀለም እንጂ ማጥፊያ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በመዳፊት መርጦ ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ይወጣል። በስልክ ማቅለሚያ ብዕር የተሸፈነ ጽሑፍም ቀለሙ ስስ ከሆነ የምስሉን ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ይነበባል። ከመሸፈን ይልቅ ከመነሻው ሰነድ ላይ ስሙን ሰርዞ በምትኩ ሌላ ቃል ጽፎ ፎቶውን እንደገና ማንሣት የተሻለ ነው። አባሪ ሆኖ የሚገባ ቅጽ ቢሆን ደግሞ ባዶውን ቅጽ መጠየቅ ይቻላል። የተሞላ ቅጽ ማን አስፈለገው?

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ ሪፖርቱን ለዩኒቨርሲቲው ከማስገባት በፊት የቅርብ አለቃው እንዲያነቡት መስጠት። ብዙ ተማሪ ይህን የሚፈራው «ችግር» በሚለው ምዕራፍ የሚቆጡ ስለሚመስለው ነው። አንዳንዶቹ ይቆጣሉም። ሆኖም በልምምዱ የመጀመሪያ ሳምንት «ሪፖርቴ ውስጥ ምን መጠቀም እችላለሁ? ለማንስ ላሳይ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ በመጨረሻው ሳምንት ከሚመጣው ንትርክ ይድናል። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በአጭር ኢሜይል ቢሆንም፣ ቢያገኝ ይመረጣል። ተቋሙ አንዳንድ ቁጥሮች ለገምጋሚዎች ብቻ እንዲታዩ ከፈለገ ሁለት ቅጂ ማዘጋጀትም ይቻላል፤ አንዱ ለውጤት፣ ሌላው ለቤተ መጻሕፍት።

ስለ ሕጉ ሲነሣ ተማሪዎች የሚሰጡት መልስ «እኔ የፈረምኩት ነገር የለም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ብዙ ተቋማት ከዩኒቨርሲቲው የመጣውን ደብዳቤ ተቀብለው የምስጢር ጥበቃ ስምምነት ሳያስፈርሙ ያስገባሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከሙያ ለማጅ በስተቀር ለማስተማር ወይም ለማሠልጠን የሚደረግን ውል ከአዋጁ ወሰን ውጪ ስለሚያደርገው ተለማማጅ ተማሪ ብዙውን ጊዜ እንደ ሠራተኛ አይታይም። ከዚህ ግን «አይመለከተኝም» የሚል መደምደሚያ አይወጣም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢርንም የንግድና የኢንዱስትሪ ምስጢርንም መግለጥ የሚቀጣባቸው ድንጋጌዎች አሉት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም መረጃው ያለአግባብ እንዳይወጣ የመጠበቅ ግዴታ ጥሎበታል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአንዲት ደንበኛ ስም በተለማማጅ ፎቶ ምክንያት ከወጣ ተጠያቂነቱ መጀመሪያ የሚወድቀው ተቋሙ ላይ ነው። አለቆች ለምን እንደሚደነግጡ ከዚህ ይገባል።

በሌላ በኩል ግን «ምስጢር» የሚለው ቃል ተማሪን ማፈኛ መሆን የለበትም። ስለ ተማረው ሙያ፣ ስለ ተጠቀመበት የታወቀ ሶፍትዌር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ሰማው ቀልድ መጻፍ የማንንም ምስጢር አያወጣም። ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ወንጀል ያየም ዝም በል ሊባል አይችልም። ልዩነቱ ወዴት እንደሚነገር ነው፤ አቤቱታ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለፖሊስ ወይም ለሚመለከተው አካል ይቀርባል። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም የወጣው ከባድ ወንጀልን የሚጠቁሙ ሰዎችን ለመጠበቅ ነው። ያንኑ ሰነድ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ግን ጥፋተኛውን አስጠንቅቆ ጠቋሚውን የሚያስጠይቅ መንገድ ነው።

ከመሥሪያ ቤቱ ምስጢር ጋር የማይገናኝ የግል ልጥፍስ? እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 አንዲት ወጣት በአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ የልምምድ ዕድል አግኝታ ደስታዋን ስድብ በተቀላቀለበት ትዊት ገለጸች። የቀድሞው የናሳ መሐንዲስ ሆመር ሂካም ቋንቋዋን እንድታርም በአንድ ቃል አሳሰቧት፤ ማን እንደሆኑ ስላላወቀች በባሰ ስድብ መለሰችላቸው። ናሳን የሚመለከተው ብሔራዊ የጠፈር ምክር ቤት ውስጥ እንዳሉ ነገሯት። ዕድሉን አጣች። ሰው ሁሉ ሂካም ያስባረሯት መሰለው፤ እርሳቸው ግን ቀጣሪም አሰናባችም እንዳልሆኑ ገልጸው፣ የድርጅቱን ትኩረት የሳበው ጓደኞቿ የናሳን ሃሽታግ እየጨመሩ ነገሩን ማሰራጨታቸው እንደሆነ ጽፈዋል። ወጣቷ ይቅርታ ጠይቃቸዋለች፤ እርሳቸውም ሌላ ሥራ እንድታገኝ ለመርዳት ሞክረዋል። ሊያግዟት የተንጫጩት ጓደኞቿ ናቸው የመሥሪያ ቤቱን ስም ከስድቡ ጋር ያያያዙት። መገለጫው ላይ «ተለማማጅ፣ በእገሌ ባንክ» ብሎ የጻፈ ተማሪም ማታ ስለ ኳስ ወይም ስለ ፖለቲካ የሚጽፈው ሁሉ ያንን ስም ተሸክሞ ይሄዳል። ስሙን መገለጫው ላይ አለማስፈር፣ ቢያንስ ልምምዱ እስኪያልቅ፣ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ስሕተቱ ከተፈጸመ በኋላስ? የመጀመሪያው ስሜት አጥፍቶ ዝም ማለት ነው። ቴሌግራም ላይ የራስን መልእክት ከሁሉም ሰው ስልክ ማጥፋት ይቻላል፤ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ የተላለፈው ቅጂ ግን አይጠፋም። ተቋሙ ካላወቀ ደንበኛዋን ማስጠንቀቅ፣ የይለፍ ቃል መቀየር፣ ከእርሷ ሂሳብ ላይ የሚመጣን አጠራጣሪ ጥያቄ መከታተል አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው መንገር ነው፤ ምን እንደታየ፣ መቼ እንደተላከ፣ የት የት እንደደረሰ።

ያን ጠዋት አለቃዬ የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር። ወረቀት አውጥተው ፎቶውን ስንት ሰዓት ላይ እንደላክሁ ጻፉ። ግሩፑ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ጠየቁኝ፤ 64 አልኋቸው። ከዚያ ሌላ ቦታ ልከኸዋል ወይ አሉ። አልላክሁም ብዬ ልምል ስል ነው እናቴ ትዝ ያለችኝ። ልጇ ባንክ ቤት ተቀምጦ ማየቷ ደስ ብሏት ፎቶውን ለዕድር ጓደኞቿ በሙሉ አሳልፋ ልካዋለች።